ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣ ደረሰኝ በቀለም አይታተምም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ማሽኑ ያሞቀው ቦታ ብቻ ፊደልና ቁጥር ሆኖ ይታያል። ያው ኬሚካል ነው በኋላ የሚከዳው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ወይም በላስቲክ መያዣ ተጨናንቆ የተቀመጠ ደረሰኝ እየገረጣ ሄዶ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ብዙ ቢሮዎች ታዲያ ደረሰኙ ሳይደበዝዝ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ያነሡታል። ምስሉን ደግሞ ኦሲአር የሚባለው ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር ያነብና ቁጥሮቹን ወደ ሒሳብ ሰንጠረዥ ያስገባቸዋል።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩና ምስሉ ይለያያሉ። ቁጥሩ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ በመጨረሻም ሪፖርት ላይ ይወጣል። ምስሉ ማንም በማይከፍተው ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ከወራት በኋላ ኦዲተሩ መጥቶ «ይህ 12,850 ብር ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው ጉዳዩ የሚነሣው። አንዱ ቢሮ «ከኅዳር ወር ደረሰኞች ነው» ይላል፤ ያ ማለት በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን አንድ በአንድ እየከፈቱ መፈለግ ነው። ሻል ያለው የፋይሉን ስም ይሰጣል። ቁጥሩን ሲጫኑት ምስሉን ከፍቶ፣ ቁጥሩ የተነበበባትን ስፍራ በቀይ ሳጥን ከቦ የሚያሳይ ሥርዓት ያለው ግን ጥቂት ነው። ይህ የመጨረሻው የኦዲት ዱካ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበጠስ በአንድ ደረሰኝ መከታተል ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል የጽሕፈት መሣሪያ የተገዛበትን ደረሰኝ እንውሰድ። ወረቀቱ 80 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ስካነሩ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲያነሣ ተደርጓል። የሚወጣው ምስል 945 ፒክስል ስፋት፣ 2,100 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል። ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። እያንዳንዷ ነጥብ ከግራ ጠርዝ ስንተኛ፣ ከላይኛው ጠርዝ ስንተኛ እንደሆነች ስለሚታወቅ በምስሉ ላይ ያለን ማንኛውንም ስፍራ በቁጥር መጥራት ይቻላል። አንድን ቃል ለመክበብም አራት ቁጥር ይበቃል፤ ከግራ ስንት፣ ከላይ ስንት፣ ወርዱ ስንት፣ ቁመቱ ስንት።

አንባቢ ሶፍትዌሮች ይህን መረጃ ሲያነቡ ያገኙታል፤ የትኛው ቃል የት እንዳለ ሳያውቁ ማንበብ አይችሉምና። ቴሰራክትን እንውሰድ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራ የተጀመረ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ለማንም በነፃ የተለቀቀ ሶፍትዌር ነው፤ አማርኛም ያነባል። በተለመደው መንገድ ሲታዘዝ ጽሑፉን ብቻ ይሰጣል፣ ስፍራውን ይጥለዋል። በትእዛዙ መጨረሻ አንድ ቃል ሲጨመርለት ግን ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መስመር እያደረገ ከነሳጥኑ ያወጣል።

```
tesseract r0417.png r0417 tsv
```

ከሚያወጣቸው ዓምዶች ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ብቻ ተመርጠው ሲቀመጡ የደረሰኙ የታችኛው ክፍል ይህን ይመስላል።

```
left  top   width  height  conf  text
640   1420  228    38      95    11,000.00
665   1466  203    38      93    1,650.00
640   1512  228    38      91    12,850.00
640   1558  228    38      94    12,650.00
```

የመጀመሪያው መስመር የዕቃው ዋጋ ነው። ሁለተኛው 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሦስተኛው ጠቅላላ ድምር፣ አራተኛው ደግሞ ገዢው በጥሬ ገንዘብ የከፈለው ነው። ሦስተኛው ላይ ስሕተት አለ። 11,000 ላይ 1,650 ሲደመር 12,650 እንጂ 12,850 አይመጣም። ስካነሩ ላይ ያረፈች አቧራ ወይም የወረቀቱ እጥፋት 6ን 8 አስመስሎታል። ሶፍትዌሩ በንባቡ ምን ያህል እንደሚተማመን የሚገልጸው አምስተኛው ዓምድ ደግሞ ከመቶ 91 ይላል። ስሕተት የሆነው ንባብ ትክክል ከሆኑት በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው ያነሰው። «ከ90 በላይ ከሆነ ሳይታይ ይለፍ» የሚል መመሪያ ያለው ቢሮ ይህን ደረሰኝ አያገኘውም ነበር።

ስሕተቱን ያጋለጠው የድምር ሒሳብ ነው፤ የቦታው መረጃ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳቡ አለመግጠሙን ብቻ ይናገራል እንጂ ከቁጥሮቹ የትኛው እንደተበላሸ አይወስንም። ሠራተኛዋ ሦስተኛውን መስመር ስትጫን ከምስሉ ላይ ከግራ 640፣ ከላይ 1,512 ፒክስል ላይ የሚጀምረው ሳጥን ተቆርጦ ይወጣላታል። በወረቀቱ ላይ ቢለካ ከግራ ጠርዝ 54፣ ከላይ 128 ሚሊሜትር ግድም ላይ ያለ፣ ቁመቱ ሦስት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ስፍራ ነው። ቁራጩ አጉልቶ ሲታይ 6 መሆኑ ይለያል። ሥራው የሰከንዶች ነው።

«ፋይሉ ከታወቀ ቁጥሩን በፍለጋ ማግኘት አይቻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። በዚህ ደረሰኝ ላይ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። 12,850 ብሎ ወረቀቱን በዓይኑ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ወረቀቱ ላይ የለማ። 12,650 ብሎ የሚፈልግ ደግሞ ሁለት ያገኛል፣ ጠቅላላ ድምሩንና የተከፈለውን። መዝገቡ ውስጥ የገባው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከላይ 1,512 ወይም 1,558 የሚለው አኃዝ ብቻ ነው። ዛሬ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ልዩነት የሌለው ይመስላል። ገዢው 13,000 ብር ሰጥቶ መልስ በተቀበለበት ደረሰኝ ላይ ግን ሁለቱ መስመሮች ይለያያሉ፤ የተሰጠውን ገንዘብ እንደ ወጪ የሚመዘግብ ሥርዓት ተበላሽቶ ሲሠራ ይከርማል።

ስሕተቱ ሲታረም የቀደመው ንባብ አይደመሰስም። የድሮ የመዝገብ ሠራተኞች የተሳሳተን ቁጥር አይፍቁም ነበር፤ በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከላዩ ትክክለኛውን ጽፈው ይፈርሙበት ነበር። እዚህም እንዲሁ ነው። 12,850 ከነሳጥኑና ከነሶፍትዌሩ ስም በቦታው ይቆያል፤ ከሥሩ ሌላ መስመር ተጨምሮ 12,650 መሆኑ፣ ማን እንዳረመው፣ በስንት ሰዓትና በምን ምክንያት እንደሆነ ይጻፋል። ሳጥኑ የሁለቱም አንድ ነው። ይህ ካልተደረገ ከዓመት በኋላ ሶፍትዌሩ 6ን በ8 የመለወጥ ልማድ እንዳለው የሚያሳይ አንድም ማስረጃ አይቀርም፤ የታረመው ሁሉ መጀመሪያውኑ ትክክል የተነበበ ይመስላል።

ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር ራሱ የ40 ደረሰኞች ድምር ከሆነስ? ድምር በየትኛውም ምስል ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ሳጥን የለውም፣ ሊሰጠውም አይገባም። የሚያመለክተው የተሠራባቸውን 40 መስመሮች ነው፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ ወደየሳጥናቸው ይወስዳሉ። ሠራተኛው ከራሱ ዕውቀት የሞላው ቁጥርም እንደዚሁ «ምስል ላይ የሌለ» ተብሎ በግልጽ ይመዘገባል። ባዶ እንዳይሆን ብሎ ሳጥን የሚለጥፍ ሥርዓት ያስፈራል፤ ኦዲተሩ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ባዶ ወረቀት ካየ የቀሩትንም አያምናቸውም፣ ልክም ነው።

አራቱ የሳጥን ቁጥሮች ግን ብቻቸውን ምንም ማለት አይደሉም። የሚያገለግሉት በየትኛው ምስል ላይ እንደተለኩ ከታወቀ ነው። ዱካው በአብዛኛው የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ምስል በጉዞው ላይ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣልና።

የስልክ ፎቶን እንመልከት። ስልክ ተዘቅዝቆም ሆነ ተጋድሞ ሲያነሣ ብዙ ጊዜ ነጥቦቹን አያዞራቸውም። ካሜራው እንዳያቸው ያስቀምጥና «ሲከፈት በዘጠና ዲግሪ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። አንዱ ፕሮግራም ማስታወሻውን ያነበዋል፣ ሌላው ያልፈዋል። ሳጥኑን የለካው አንደኛው፣ ምስሉን የሚያሳየው ሁለተኛው ከሆነ ቀዩ ሳጥን ጨርሶ ሌላ ቦታ ያርፋል። ይህ ቢያንስ በግልጽ ይታያል። አስቸጋሪው በጥቂቱ የሚያዛንፈው ነው። ብዙ አንባቢ ሶፍትዌሮች ጠመም ብሎ የተነሣን ወረቀት ከማንበባቸው በፊት ያቀኑታል። የደረሰኛችን ምስል ከላይኛው ግራ ማዕዘን በ2 ዲግሪ ብቻ ቢዞር የድምሩ ስፍራ በአግድም 53፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ደግሞ 22 ፒክስል ይሸሻል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 46 ፒክስል ስለሆነ፣ ባልቀናው ምስል ላይ የተሣለው ሳጥን የታክሱን ወይም የክፍያውን መስመር ግማሽ ቆርጦ ያሳያል። ያየ ሰው «ደኅና ነው፣ ቀረብ ብሏል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ፒዲኤፍም የራሱ አመል አለው። በምስል ላይ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ፒዲኤፍ ግን ከታችኛው ግራ ማዕዘን ወደ ላይ ይቆጥራል። መለኪያውም ፒክስል ሳይሆን የአንድ ኢንች 72ኛ እጅ ነው። ከላይ 1,512 ፒክስል ላይ የሚጀምረው ሳጥናችን በ504 ነጥብ ቁመት ባለው የፒዲኤፍ ገጽ ላይ ታችኛው ጠርዙ ከሥር 132 ነጥብ ላይ ይውላል። አንዱን ወደ ሌላው ሳይለውጥ የሚያቀላቅል ፕሮግራም የገጹን ራስ ከግርጌው ያገለባብጠዋል፤ ከገጹ መሐል አካባቢ ያሉ ቁጥሮች ግን ተገልብጠውም ያው መሐል ስለሚወድቁ ጥፋቱን ይደብቁታል።

መድኃኒቱ ምስሉን አንድ ጊዜ አቅንቶ፣ አዙሮና መጠኑን ወስኖ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ማንኛውም ሳጥን በዚያ ፋይል ላይ ብቻ እንዲለካ ማድረግ ነው። ከካሜራው የወጣው ጥሬ ፋይልም ሳይነካ ይቀመጣል፤ ከጥሬው ወደ ተስተካከለው የተኬደበት መንገድ፣ በስንት ዲግሪ እንደዞረና በስንት እጅ እንዳነሰ ይጻፋል። ሁለቱም ፋይሎች አሻራቸው ይወሰዳል። ሻ-256 የሚባለው የሒሳብ ስልት ማንኛውንም ፋይል ወደ 64 ፊደልና አኃዝ ይጨምቀዋል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፒክስል ብትለወጥ የሚወጣው አሻራ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሳጥኑ ጎን ይህ አሻራ ሲጻፍ፣ ዛሬ የተከፈተው ምስል ቁጥሩ የተነበበበት ያው ምስል ስለመሆኑ ክርክር አይነሣም። የፋይል ስም ግን ይህን አያረጋግጥም፤ በዚያው ስም ሌላ ፎቶ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር ይህን የሚያፈርሰው ዋናው ልማድ ቴሌግራም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግዢ ሠራተኛው ደረሰኙን ያነሣና ለሒሳብ ክፍል በቴሌግራም ይልከዋል። እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው መጠኑን ቀንሶ ይጨምቀዋል፤ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ከተነሣው ያነሰ ሌላ ምስል ነው። ሳጥኑ በአንዱ ተለክቶ በሌላው ከታየ አይገጥምም፣ አሻራውም አይመሳሰልም፣ ትንንሽ አኃዞችም ጠርዛቸው ይሟሟል። በፋይልነት ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ልዩነቱ ሲልኩ የሚመረጥ አንድ አማራጭ ነው።

ሳጥኖቹ መዛነፋቸውን ለማወቅ የሚያገለግለው ፈተና ቀላል ነው። ከመዝገቡ በዕጣ ጥቂት ደርዘን ቁጥሮች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ሳጥን ከምስሉ ይቆረጥና ከተመዘገበው ቁጥር አጠገብ ይደረደራል። ሰው በዓይኑ ያያቸዋል። ቁራጩ ንጹሕ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከተለየ የንባብ ስሕተት ነው። ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የተገፉ ከሆነ የመጠን ወይም የመዞር ጉዳይ አለ። ከአንድ ሠራተኛ ስልክ የመጡት ብቻ ከተበላሹ ደግሞ ወደ ሠራተኛው ስልክ መሄድ ነው።

ሳጥኑ የሚይዘውን ነገር በተመለከተም አንድ ጥንቃቄ አለ። መዝገቡ ሁለት ነገር ለየብቻ ይይዛል፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እንዳለ፣ ከዚያም የተተረጎመውን። በእጅ በተጻፈ ደረሰኝ ላይ 05/01/2016 የሚል ቀን ቢገኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2016 ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ማለት ነው። ሶፍትዌሩ የፈረንጅ ቀን ነው ብሎ ከወሰደው ግን ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ይሆናል፣ በአሜሪካኖች አጻጻፍ ከሄደ ደግሞ ሜይ 1። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት ነው። መዝገቡ የተለወጠውን ቀን ብቻ ካስቀመጠ፣ ሳጥኑን የሚከፍተው ኦዲተር ምስሉ ላይ ሌላ ቀን ያያል፤ ስሕተት ይሁን ልወጣ አያውቅም። እንደተጻፈው ያለው፣ የተለወጠው፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተለወጠ፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄው አይነሣም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ዱካው ከምስሉ አልፎ አይሄድም። ምስሉ ራሱ ቢዋሽስ? እንዲህ ያለ ነገር በ2013 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ተከሥቷል። ዳቪድ ክሪዘል የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት የአንድ ሕንፃ ንድፍ በዜሮክስ ወርክሴንተር ማሽን ተነሥቶ ሲወጣ ያጋጠመውን እንግዳ ነገር መረመረ። በንድፉ ላይ የሦስት ክፍሎች ስፋት 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፎ ነበር። ማሽኑ ያወጣው ቅጂ ሦስቱንም 14.13 ይላቸዋል። ትልቁ ክፍል ከትንሹ እኩል ተብሎ ስለተጻፈ ነው ሰው ልብ ያለው። ክሪዘል ተጨማሪ ሙከራ ሲያደርግ በሌሎች ሰነዶች ላይ 6 ወደ 8 ሲለወጥ አገኘ።

ማሽኑ ኦሲአር አልተጠቀመም፤ ምንም አላነበበም። ጥፋቱ የመጣው ጄቢግ2 ከሚባለው የምስል መጭመቂያ ነው። ይህ ስልት ቦታ ለመቆጠብ ገጹን ወደ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፍላል፤ የሚመሳሰሉ ቁራጮችን ሲያገኝ አንዱን ብቻ ያስቀምጥና በሌሎቹ ቦታ ሁሉ እርሱኑ ይደግመዋል። መመሳሰሉን የሚለካበት ወንፊት ሲሰፋ 6 እና 8 አንድ ይሆኑበታል። የሚተካው አኃዝ ከዚያው ገጽ የተወሰደ ስለሆነ ድብዛዜ የለውም፤ ጥርት ያለ፣ በዚያው ፊደል የተጻፈ 8 ነው። ሳጥኑን ቆርጦ የሚያይ ሰው 8 ያያል፣ ሶፍትዌሩም በሙሉ ልብ 8 ብሎ ያነባል፣ አሻራውም ትክክል ይወጣል። ዜሮክስ መጀመሪያ ላይ ነገሩን ከዝቅተኛ የጥራት ቅንብር ጋር አያያዘው። ክሪዘል በከፍተኛውም ቅንብር እንደሚከሠት ካሳየ በኋላ ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ። ጀርመንና ስዊዘርላንድም ከዚያ ወዲህ በማኅደር በሚቀመጡ ሰነዶች ላይ ጄቢግ2 ሥራ ላይ እንዳይውል ከልክለዋል።

በክሪዘል ንድፍ ላይ ስሕተቱን የገለጠው የክፍሎቹ ግልጽ መጠን እንደሆነ ሁሉ፣ በደረሰኛችንም ላይ እንዲህ ያለውን ለውጥ ሊይዝ የሚችለው ዋጋው፣ ታክሱና ድምሩ እርስ በርስ መግጠማቸውን የሚያይ ሒሳብ ነው፤ ሳጥኑ አይደለም። ብቻውን የቆመ፣ ከምንም ጋር የማይደመር ቁጥር፣ ለምሳሌ የደረሰኝ ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ መለያ፣ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም፤ ከዋናው ወረቀት ጋር ከማመሳከር በቀር መንገድ የለም። ጠንቃቃ የሆኑ ሰነድ ያዦች በዚህ ምክንያት ከሳጥኑና ከአሻራው ጎን ሌላ ዓምድ ይጨምራሉ። ምስሉ በየትኛው የማሽን ሞዴል፣ በየትኛው የጥራት ቅንብርና በየትኛው መጭመቂያ እንደተነሣ ይጽፉበታል። አንድ ሞዴል ችግር እንዳለበት ነገ ቢሰማ የትኞቹ ቁጥሮች ከወረቀቱ ጋር እንደገና መታየት እንዳለባቸው ከዚያ ዓምድ ላይ ለይተው ያወጣሉ።